ከአጨዳ እስከ ዘር፦ በግ ማድለብ፣ እንጉዳይ ማብቀል ወይስ እህል ማቆየት?

እህሉ ተወቅቶ ገብቷል። ለሚቀጥለው ዘር ገና አራት ወር አለ። በዚህ መሐል ምን ይሠራ ሲባል መካሪ አይጠፋም። በግ አድልቡ፣ ዶሮ አርቡ፣ ንብ ያዙ፣ ነግዱ ይባላል። ወሬው ሁሉ ስለ ትርፍ ነው። ስለ ቀን ብዙ አይወራም። ለገበሬ ግን የሥራ ፈት ወራት ገቢ ማብቂያ ቀን አለው። ዝናቡ ሲመጣ ገንዘቡም እጁም ነጻ መሆን አለባቸው።

ስለዚህ አማራጮችን ሳወዳድር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ገንዘቡ ዘርና ማዳበሪያ ከሚገዛበት ቀን በፊት ይመለሳል? እርሻው ሲጀመር ሥራው ያልቃል ወይስ ይዞ ያስቀራል? መነሻ ገንዘቡስ ከየት መጣ? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ውጤቱን የሚገለብጠው ግን እሱ ነው።

በዚህ መለኪያ አንዳንዶቹ ገና ከጅምሩ ይወጣሉ። ንብ ማነብ ጥሩ ሥራ ነው፤ ማሩ የሚመጣው ግን አበባው ሲመጣ እንጂ ገበሬው ሥራ ሲፈታ አይደለም። ጫጩት ገዝቶ የመጀመሪያውን እንቁላል ለማየት አምስት ወር ገደማ ይፈጃል። የመስኖ ውሃ ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ሥራ አልፈታም። በአቅራቢያችሁ የሚከፈልበት የቀን ሥራ ካለ እሱን አትናቁት። ሙሉ ቀን የሚያሠራ ደመወዝ ከዚህ በታች ካሉት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። እነዚህ ግን በቀን አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ የሚወስዱ ስለሆኑ ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ።

የቀሩኝ ሦስት ናቸው። ሦስቱም ከአውድማው የተረፈውን፣ ማለትም ገለባውንና እህሉን፣ ይዘው የሚነሡ ናቸው።

መጀመሪያ ገለባው ይቆጠር

ገለባ በነጻ ያለ ይመስላል። የእርሻ በሬ ያለው ሰው ግን እንዲህ ቢያስብ ይጎዳል። አንድ በሬ በቀን 6 ወይም 7 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። በአራት ወር ይህ ወደ 8 ኩንታል ይጠጋል። በተለይ እርሻ ሊጀመር ሲል ያለው ወር ላይ በሬው ከተራበ፣ በግ አድልቦ የተገኘው ትርፍ ማሳ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ የበሬዎቹ ድርሻ ተለይቶ ይከመር። የተረፈው ነው ለሌላ ሥራ የሚውለው።

አሁን አንድ ገበሬ እንያዝ። የተረፈው ገለባ 4 ኩንታል ገደማ ነው። ለቤት ቀለብና ለዘር ካስቀመጠው ውጭ 6 ኩንታል የሚሸጥ እህል አለው። የሥራ ፈት ጊዜው 120 ቀን ነው። የገንዘቡ ስም በየቦታው ስለሚለያይ የአንድ ወጣት በግ ዋጋ 100 ነው ብለን እንነሣ። ሌላውን ሁሉ በዚያ እንለካለን። በዚህ መለኪያ አንድ ኩንታል እህል በአጨዳ ሰሞን 85 ያወጣል እንበል። የእናንተን ዋጋ ስትተኩበት ቁጥሩ ይለወጣል፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

በግ ማድለብ

በጣም የሚታወቀው ይህ ነው፤ በጣም የሚታለሉበትም ይኸው ነው።

ዋናው ችግር ገለባ ብቻውን አያደልብም። በገለባ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 3 ወይም 4 ገደማ ነው። በበግ ሆድ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕዋሳት በደንብ ለመሥራት ቢያንስ 7 ገደማ ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ሲሆን ሆዱ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይጨምርም። ሆዱ የተነፋ፣ ጀርባው ግን አጥንቱ የሚቆጠር በግ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። አንዱ ገለባውን በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በደንብ ይሟሟል። ገለባው ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ በስሱ በስሱ እየተደረደረ፣ ውሃው እኩል እየተረጨበት ይረገጣል። ሲሞላ በላስቲክ ይሸፈንና ጠርዙ በአፈር ይደፈናል። ሞቃት በሆነ ቦታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይከፈታል፤ ብርድ ባለበት ትንሽ ይቆያል። በደንብ የታከመ ገለባ ወርቃማ ቡኒ ይሆናል፣ ይለሰልሳል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ይኖረዋል። ሽታ ከሌለው አየር ገብቶበታል ማለት ነው። የሻገተው ክፍል ይጣል እንጂ ለበግ አይሰጥም። ለነገ የሚበላው ዛሬ ማታ ወጥቶ ሌሊቱን ሽታው እስኪተን ይቀመጣል። ጉድጓዱ ደግሞ ወዲያው ይዘጋል።

ከዩሪያ ጋር ቀልድ የለም። ያልሟሟ ፍሬ ወይም በባልዲ የተረፈ ውሃ በጉን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ማመንዠክ በደንብ ላልጀመረ ግልገል፣ ለአህያ ወይም ለፈረስ የታከመ ገለባ አይሰጥም። ዩሪያው ሳይመዘን በግምት የሚጨመር ከሆነ ይህን መንገድ ባትጀምሩት ይሻላል።

ሁለተኛው ተጨማሪ መኖ ነው። የስንዴ ፉርሽካና የቅባት እህል ፋጉሎ ተቀላቅሎ፣ ትንሽ ጨው ታክሎበት፣ ለአንድ በግ በቀን እስከ 350 ግራም ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን መስጠት ግን ጥፋት ነው። ከ100 ግራም ተነሥቶ በሁለት ሳምንት ቀስ እያለ ያድጋል። በተለይ ጥሬ እህል በድንገት የጠገበ በግ ሆዱ ይጎመዝዛል። መኖ ይተዋል፣ ይተኛል፣ ሽታው የኮመጠጠ ቀጭን ተቅማጥ ያስቀምጠዋል። ይህ ምልክት ሲታይ ተጨማሪው መኖ ወዲያው ይቁም፤ ድርቆሽና ውሃ ብቻ ይሰጠው፣ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

አዲስ የገቡ በጎች ከነባሮቹ ተለይተው ይቆዩ። የትል መድኃኒትና ክትባታቸው በመጀመሪያው ሳምንት ይለቅ። ብዙ ገበሬ ይህን ወጪ ሊቆጥብ ይሞክራል። ሒሳቡን ስናይ ለምን የማያዋጣ ቁጠባ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

እንግዲህ ሒሳቡ። ገበሬያችን 20 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ወንድ በጎች በ400 ይገዛል። ኪሎው በ5 መሆኑ ነው። በ90 ቀን ለአንድ በግ ወደ 30 ኪሎ ተጨማሪ መኖ ይሄዳል። ኪሎው 0.6 ቢሆን 18 ነው። ለገለባው ማከሚያ ዩሪያ 3፣ ለመድኃኒት፣ ለክትባትና ለላስቲክ 6.5 እንበል። ለአንድ በግ 27.5 ወጣ ማለት ነው። ለአራቱ ደግሞ 110። ከግዢው ጋር ጠቅላላው 510 ይሆናል።

እንዲህ የተያዘ በግ በቀን 80 ግራም ቢጨምር ደህና ነው። በ90 ቀን 7.2 ኪሎ ይሆናል። በገባበት ዋጋ፣ ኪሎውን በ5 ቢሸጥ፣ የጨመረው ሥጋ 36 ያወጣል። ወጪው 27.5 ነበር። ትርፉ በበግ 8.5፣ በአራቱ 34 ብቻ ነው። ለሦስት ወር ልፋት ይህ ከምንም አይቆጠርም።

ትርፉ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የበግ ፍላጎት ከፍ በሚልበት ሰሞን የደለበ በግ ኪሎው ከ5 ወደ 5.75 ቢወጣ፣ አዲሶቹን 7 ኪሎዎች ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ የተገዙትንም 20 ኪሎዎች በአዲሱ ዋጋ ትሸጣላችሁ። አንዱ በግ ከ156 በላይ ያወጣል። ትርፉ ከ34 ወደ 115 ይዘላል። ስለዚህ በግ የሚያደልብ ሰው ሥራው ግማሹ ማብላት፣ ግማሹ ቀን መምረጥ ነው። የመሸጫውን ቀን ሳያውቅ በግ የሚገዛ ሰው ሥራውን ከተሳሳተው ጫፍ ጀምሯል።

ከአራቱ አንዱ ቢሞትስ? በጥሩው ዋጋ ሦስቱ 469 ያወጣሉ። ወጪው 510 ነው። የ115 ትርፍ ወደ 41 ኪሳራ ተገለበጠ። የክትባቱ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ቀኑም ጠባብ ነው። ገለባውን ለማከም 21 ቀን፣ ለማድለብ 90 ቀን። ከ120 ቀን የሚተርፈው 9 ቀን ብቻ። ስለዚህ ገለባው የሚታከመው ውቂያው ባለቀ ሳምንት ነው። በጎቹ ሊገዙ የሚችሉት ደግሞ ጉድጓዱ ከመከፈቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ያን ሳምንት ቤቱንና መኖውን ይለምዱበታል። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳይበሉ ሚዛን ላይ ይውጡ። ጭማሪው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀነሰ በጉ ሥጋ መጨመሩን ትቶ ስብ ማጠራቀም ጀምሯል። ስብ ብዙ መኖ ይበላል። ከዚያ በኋላ የሚያበሉት ሁሉ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል።

እንጉዳይ ማብቀል

እንጉዳይ ሲባል እዚህ የማወራው ኦይስተር ስለሚባለው ዓይነት ነው። ገለባ ላይ በቀላሉ የሚበቅለው እሱ ነው። ለበግ በቂ ያልሆነው ገለባ ለእሱ ጥሩ ምግብ ነው።

ገለባው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይከተፋል። ሌሊቱን በውሃ ይነከራል። ከዚያ በበርሜል ውስጥ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውሃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ዓላማው ተፎካካሪ ሻጋታን ማዳከም ነው። ወጥቶ ይንጠፈጠፋል። እርጥበቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በእጅ ጨምቆ ነው፦ ጥቂት ጠብታ ብቻ መውጣት አለበት። ውሃው ከፈሰሰ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣ ደርቋል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝም መጠበቅ ግድ ነው። በሞቀ ገለባ ላይ የተበተነ የእንጉዳይ ዘር ይሞታል።

የእንጉዳይ ዘር ማለት እህል ላይ ያደገ ነጭ ክር ነው፤ ከሚያመርቱ ሰዎች ይገዛል። እርጥቡ ገለባ 100 ኪሎ ከሆነ 5 ኪሎ ያህል ዘር ይገባዋል። በላስቲክ ከረጢት አንድ ንብርብር ገለባ፣ አንድ ንብርብር ዘር እየተደረገ ይጠቀጠቃል። ከረጢቱ ታስሮ በየጎኑ ይበሳል። ከዚያ ጨለም ባለ፣ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ቤት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሥራው ማየት ብቻ ነው። ገለባው ቀስ በቀስ ነጭ ይለብሳል። አረንጓዴ ነጥብ የታየበት ከረጢት ግን ያው ተፎካካሪ ሻጋታ ይዞታል። ወዲያው ከቤት ወጥቶ ራቅ ብሎ ይቀበር። አንዱን አዝኖ ያቆየ ሰው ቤቱን ሙሉ ያስበክላል።

ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ሲነጣ ብርሃን፣ ንጹሕ አየርና ብዙ እርጥበት ይፈልጋል። በደረቅ ወራት የሚያስቸግረው ይህ እርጥበት ነው። ወለሉንና ግድግዳውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማርጠብ ያስፈልጋል። ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ይህን አማራጭ እዚህ ላይ መሰረዝ ይቻላል። እንጉዳዩ ራሱ የጎደለውን ይናገራል። አገዳው ረዝሞ ቆቡ ትንሽ ከሆነ አየር አጥሮታል። ብቅ ያለው ቡቃያ ቢጫ ሆኖ ከደረቀ እርጥበት አጥሮታል። ከበቀለ ከጥቂት ቀን በኋላ የቆቡ ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ይለቀማል። የተገለበጠው ደቃቅ ዱቄት መሰል ብናኝ ይበትናል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደረት ይይዛል። አንድ ከረጢት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰጣል።

ሒሳቡን እንይ። አንድ ዙር 20 ኪሎ ደረቅ ገለባ ይሁን። ሲርስ 57 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዘሩ ወደ 3 ኪሎ ነው። የለመደ ሰው ከደረቁ ገለባ ክብደት ጋር እኩል ሊያመርት ይችላል። ጀማሪ ግን ግማሹን ያስብ፤ 10 ኪሎ። ዙሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንት ይወስዳል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ዙር ቢጀመር በአራት ወር ውስጥ አራት ዙር ያልቃል፤ 40 ኪሎ ማለት ነው። ለዘር የ12 ኪሎ፣ ለማገዶና ለላስቲክ የ5 ኪሎ እንጉዳይ የሚያህል ዋጋ ቢወጣ 23 ኪሎ ይተርፋል። ኪሎው ከቁም በግ ኪሎ ጋር እኩል፣ በ5 ቢሸጥ 115።

አዎ፣ ከበጉ ምርጥ ውጤት ጋር እኩል ወጣ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በበጉ 510 በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ ይወድቃል። በእንጉዳዩ አንድ ዙር 20 ወይም 25 ይበቃል። የመጀመሪያው ዙር ቢበላሽ የሚጠፋው ያ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል በግ አልሸጥም ብሎ ለሚቀጥለው ገበያ መመለስ ይቻላል። እንጉዳይ ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ከሌለ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው ዕድሜው። ሥራው የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በማብቀሉ ሳይሆን በመሸጡ ነው። ከ40 ኪሎው ግማሹ ብቻ ቢሸጥ ትርፉ ከ115 ወደ 15 ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ከረጢት ሳይታሰር በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ በየሳምንቱ 3 ወይም 4 ኪሎ ያለማቋረጥ የሚወስድ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም ነጋዴ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው። «ብቻ አምጣ፣ እናያለን» የሚል መልስ ገዢ አይደለም።

እህሉን ማቆየት

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልመለስ። አራቱን በጎች ለመግዛትና ለመቀለብ የወጣው 510 ከየት መጣ? ገበሬያችን ሌላ ጥሪት ስለሌለው 6 ኩንታሉን በአጨዳ ሰሞን በ85 ሸጦ ነው። ያ ደግሞ ሁሉም የሚሸጥበት፣ ዋጋው ወለል ላይ ያለበት ጊዜ ነው።

ያንኑ እህል ሳይነካ እስከ ዘር ወቅት ቢያቆየውና ዋጋው ከመቶ 20 ቢጨምር 102 ያገኛል። አየር የማያስገባ ከረጢት በኩንታል 4 ቢገዛ 24 ይቀነሳል፤ 78 ይተርፋል። በቀን አንድ ሰዓት ሳይሠራ፣ የሚታመም በግ ሳይኖር። ከረጢቶቹ ካልተቀደዱ በሚቀጥለው ዓመት ወጪው የለም ማለት ይቻላል። በግ ማድለብ አትርፎልኛል የሚል ብዙ ሰው ይህን ያላገኘውን ገንዘብ ከትርፉ አልቀነሰም። ቢቀንሰው ጥሩ የተባለው 115 ከማቆየቱ የሚበልጠው በ37 ብቻ ነው። በጎቹ በተራ ዋጋ ከተሸጡ ደግሞ ማቆየቱ ራሱ ይበልጣል።

ማቆየት ግን ጎተራ ውስጥ ጥሎ መርሳት አይደለም። ነቀዝ ከገባ ያ ሁሉ የዋጋ ጭማሪ ዱቄት ይሆናል። አየር የማያስገባው ከረጢት ሁለት የላስቲክ ከረጢቶች አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ከውጭ ደግሞ የተሸመነ ጆንያ ነው። ሁለቱ ላስቲኮች ለየብቻ ይታሠራሉ። ውስጥ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ መንቀሳቀስም መባዛትም ያቆማል። መድኃኒት አያስፈልግም። ነገር ግን በየሳምንቱ እየፈቱ ማየት አየር መመለስ ነው። አይጥ እንዳይበሳውም ከግድግዳ ራቅ አድርጎ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

እህሉ መድረቁም የግድ ነው። እርጥብ እህል በታፈነ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ሰው ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ እህልና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሮ አፉን ዘግቶ ደህና አድርጎ ይነቅንቅ። ሩብ ሰዓት ያህል ይተወው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ከመቶ 15 በላይ ነው ማለት ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈም አንድ ሁለት ቀን ቢጨመርለት አይጎዳም። ለእህል የሚፈለገው 13 ወይም ከዚያ በታች ነውና።

የዚህ አማራጭ ድክመት ዋጋው ሁልጊዜ አለመጨመሩ ነው። በዓመቱ ምርት በዝቶ ወይም ከሌላ ቦታ እህል ገብቶ ዋጋው ባለበት ቢቆይ የከረጢቱ 24 ኪሳራ ነው። ያለፉትን ሦስት አራት ዓመታት የአጨዳና የዘር ሰሞን ዋጋ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ማስታወስ ከማንኛውም ትንበያ ይሻላል። በየዓመቱ ከመቶ 10 እንኳ ካልጨመረ ማቆየት አያዋጣም። አጨዳ ላይ የሚመለስ ብድር ያለበት ሰው ደግሞ ምርጫውም የለውም።

እንግዲህ የቱ?

በእኔ አስተያየት ለዚህ ገበሬ የመጀመሪያው ዓመት መልስ በጎቹ አይደሉም። ከ6 ኩንታል 5ቱን በከረጢት ያቆያል። አንዱን ሸጦ በሚያገኘው 85 ከረጢቶቹን ይገዛል፣ አንድ የእንጉዳይ ዙር ይጀምራል፣ የሚቀረውን ለሁለተኛው ዙር ያስቀምጣል። ይህ ግን ገዢ ካለውና ውሃ ከቤቱ ካልራቀ ነው። የመጀመሪያው ዙር ካልተሸጠ ሁለተኛውን አይጀምርም፤ እህሉ እንዳለ ነው።

በግ የሚመረጠው ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው። መነሻው እህል ሸጦ ያልመጣ ገንዘብ ሲሆን፣ ፍላጎት የሚጨምርበት ቀን ማድለቡ ባለቀበት ሳምንት አካባቢ ሲውል፣ የእንስሳት ሐኪም ደግሞ በቅርብ ሲገኝ። ውሃ ራቅ ባለበት፣ ከተማም በሌለበት ቦታ እንጉዳዩ ስለሚወድቅ ፉክክሩ በበግና በእህል መሐል ይሆናል። በግ የሚመርጥም ቢሆን በአራት አይጀምር፤ በሁለት ይጀምር። በአንድ ግን አይሆንም፤ በግ ብቻውን ሲሆን ይረበሻል፣ መኖም ይቀንሳል።

የትኛውንም ብትመርጡ ቀኑን ከኋላ ቁጠሩ። መጀመሪያ ዘር የሚገዛበትን ቀን ምልክት አድርጉ። የመጨረሻው በግ ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት መሸጥ አለበት። የመጨረሻው የእንጉዳይ ዙር ደግሞ ከዚያ አሥር ሳምንት በፊት ካልተጀመረ አይጀመር። እህሉ ከዘር ቀን በፊት ባለው ሳምንት ሁሉም ለዘር ገንዘብ ሲፈልግ አብሮ ከሚወጣ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ሁለቱን፣ ኋላ ሦስቱን ኩንታል መሸጥ ይቻላል። እንጉዳዩን የጨረሰው ገለባ አይጣል። ከፍግ ጋር ተደባልቆ ቢከመር እስከ ዘር ድረስ ጥሩ ኮምፖስት ወደ መሆን ይደርሳል፤ ማዳበሪያ ከሚገዛበት ገንዘብም ትንሽ ይቀንሳል።